ደባሌ ከአምስት ዓመት በኋላ ልትወጣ ነው፤ ምን ብዬ ልሸኛት?

የጀሞዋ

ሰላም ቤተሰብ። ምክር ፈልጌ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ተከራይተን ከአንዲት ልጅ ጋር አምስት ዓመት ከሦስት ወር ኖረናል። ያገናኘን ደላላ ነው፤ ከዚያ በፊት አንተዋወቅም። አሁን ኒካሟ ታስሯል። የሚመጣው እሁድ ዕቃዋን ጭና ባሏ ወዳለበት ኮምቦልቻ ትሄዳለች። ቅዳሜ ማታ ቤት ውስጥ ቡና አፍልተን ልንሸኛት ነው። ጎረቤቶች፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦቿና ታላቅ እህቷ ይኖራሉ። "አንቺ ትናገሪያለሽ" ተብያለሁ።

እኔ ደግሞ ሰው ፊት መናገር ላይ የለሁበትም። ትናንት ቁጭ ብዬ ይቺን ጻፍኩ፦

"ውድ እህቴ፣ ጊዜው እንዴት ይሮጣል! ላለፉት አምስት ዓመታት እንደ እህት ሆነሽ አብረን ኖረናል። ደግ፣ ትሁትና ሰው አክባሪ ነበርሽ። ቤቱ ያለ አንቺ ባዶ ነው። በሄድሽበት ሁሉ መልካሙን እመኝልሻለሁ።"

ደግሜ ሳነበው እኔ የጻፍኩት አልመስል አለኝ። ከሱቅ የተገዛ ካርድ ላይ የታተመ ነው የሚመስለው።

ሁለት ነገር ልጨምር። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እሷ ሙስሊም ናት። ስመርቃት ምን ብዬ ልመርቃት? ሌላው፣ አምና ወንድሜ ሳሎን ውስጥ ሦስት ሳምንት ስለከረመ ተጣልተን፣ ሁለት ወር ያህል ተኳርፈን ነበር። ታርቀናል፤ ግን ቁጭ ብለን አላወራነውም። ይነሳ ወይስ ይቅር?

ኪራይ ሰለቸኝ

እህቴ፣ አምስት ዓመት የኖረች ደባል በጥሩ ቃል አትወጣም። ውሉ በማን ስም ነው? በአንቺ ስም ከሆነ በጽሑፍ አሳውቂያት፣ ምስክር ይኑር። ከወጣች በኋላ ቁልፉን ወዲያው ቀይሪ። እኔ ሳልቀይር ቀርቼ ምን እንደደረሰብኝ ብነግርሽ...

የጀሞዋ

ኧረ ወንድሜ፣ ላስወጣት አይደለም! አግብታ ነው የምትሄደው።

ኪራይ ሰለቸኝ

ይቅርታ፣ ርዕሱን ብቻ አይቼ ነው። "ደባል" እና "ልትወጣ" ሲባል ደሜ ይፈላል። እንኳን ደስ አላት።

ቁም ነገር

አንድ ነገር ልንገርሽ። "ስንብት" የሚባል ቃል እንዳታነሺ። ስንብት የሞት ነው። "ደህና ሰንብቺ"ም አትበያት፤ ደስ አይልም። ሟርት ይመስላል። ሰው አሁን "ቻው" ነው የሚለው፤ ቀለል አድርጊው።

እትዬ ብርጭቆ

ልጄ ቁም ነገር፣ ሽታው አልጠፋህም፤ የሚሸተው ግን ከሌላ ቦታ ነው። ደህና እደሪ ለሌሊት ነው፣ ደህና ዋይ ለቀን ነው፣ ደህና ክረሚ ክረምቱን ለሚለያይ ነው። ደህና ሰንብቺ ደግሞ ከዚህም ከዚያም ለረዘመው። ምንም ሟርት የለበትም። ቃሉን ያከበዱት የአስከሬን ስንብትና የሥራ ስንብት ናቸው። አምስት ዓመት አብራ ለኖረች ሴት "ቻው" ብትል እኔ ነኝ የምቀየመው።

ሞት ሞት የሚሸተው ሌላ ቃል ነው። የጀሞዋ፣ የጻፍሽውን ድጋሚ እይው። "ደግ፣ ትሁትና ሰው አክባሪ ነበርሽ" ብለሻል። ይሄ ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ነው። ጸባይ ደርድረሽ መጨረሻው ላይ "ነበርሽ" ካልሽ፣ ሰው ሳያስበው እጁን ወደ ነጠላው ይሰዳል። ደግ ከሆነች ዛሬም ደግ ናት፤ ኮምቦልቻ ስትገባ ደግነቷ ጀሞ አይቀርም። "ነሽ" በይ።

"እንደ እህት" የሚለውም ይውጣ። "እንደ" ስትይ አለመሆኗን ነው የምትናገሪው። ወይ እህቴ ነሽ በያት፣ ወይ ዝም በይ።

የጀሞዋ

እትዬ፣ ገደሉኝ። "ነበርሽ"ን አሁን ሳየው በእውነት የለቅሶ ነው የሚመስለው። ከየት አወቁት?

እትዬ ብርጭቆ

ግቢዬ ውስጥ ክፍል አከራያለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ሆነኝ። ደባል ሆነው የገቡ ሴቶች ብዙ ሸኝቻለሁ፤ በፍቅርም በጠብም። ካየሁት ልንገርሽ። በመጫኛው ቀን ልናገር አትበይ። አይሱዙው በር ላይ ይቆማል፣ ጫኝና አውራጅ ይመጣል፣ አራተኛ ፎቅ ነው ስትሏቸው ዋጋው እጥፍ ይሆናል። ጭቅጭቁ ሲያልቅ ሁላችሁም ላብ በላብ ናችሁ። ያኔ የሚወጣ ቃል የለም፤ "ፍራሹ ይታሰር፣ መስታወቱ ይጠንቀቅ" ብቻ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ማድረጋችሁ ትክክል ነው።

ቡናው ላይም ጊዜ አለው። አቦል ላይ ሰው ገና ይገባል፣ ሕፃን ይሮጣል፣ ቆሎ ይዞራል። ቶናው ሲቀዳ ተናገሪ። በረካውን ለምርቃት ተዪው፤ እሱን ታላቅ እህቷ ወይም ከጎረቤት በዕድሜ የገፋችው ትመርቅ። አንቺ እኩያዋ ነሽ። እኩያ ብዙ ከመረቀ ያስቃል።

አሁን አንድ ነገር ንገሪኝ። ጸባይዋን አይደለም። አንድ ቀን ያደረገችውን።

የጀሞዋ

አባቴ ያረፈ ጊዜ ነው።

ስልክ የተደወለው ለእሷ ነው። ማታ አራት ሰዓት ላይ። ታላቅ ወንድሜ "እስኪነጋ እንዳትነግሪያት" ብሏት ነበር። እኔ ሳሎን ድራማ እያየሁ ነው። ደረጃው ላይ ወጥታ አወራችና ተመለሰች። "ራት አልበላሁም፤ ነይ አብረን እንብላ" አለችኝ። ቅድም ስትበላ አይቻታለሁ። ሽሮ ሠርታ፣ በግድ፣ እያጎረሰችኝ አበላችኝ። ከዚያ "ክፍሌ ውስጥ ቢምቢ አለ" ብላ ፍራሿን ጎትታ እኔ ክፍል ተኛች። አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ያኔ ገባኝ። ጥቁር ልብሴን አጥባ በረንዳ ላይ አስጥታው ነበር። ራቱ የገባኝ ግን በማግስቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። እንደማልበላ አውቃ ነው ያበላችኝ።

ይህን አንድም ቀን አንስተንው አናውቅም።

የዴይራዋ

አስለቀስሽኝ። እኔ ዱባይ ነኝ፣ ዴይራ። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ነን፤ አልጋ ነው የምንከራየው፣ ታችና ላይ። ከበላዬ ትተኛ የነበረችው ልጅ አራት ዓመት አብራኝ ኖራ ባለፈው ወር አገር ቤት ገባች። በረራዋ ሌሊት ነበር፣ እኔ ደግሞ ሥራ ላይ ነኝ፣ ማዳሜ አልፈቀደችም። በስልክ ድምፅ ላኩላት። ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? "ሚዛኑ እንዳያልፍብሽ የእጅ ሻንጣውን አቅልዪው።" ብቻ ይሄን። አሁን አልጋው ላይ ሌላ ሰው አለ። ስትገላበጥ ድምፁ ያው ነው።

ለማንኛውም አንቺ ዕድለኛ ነሽ፣ ቡና አለሽ። ሥራ የያዛችሁ ካላችሁ ግን በድምፅ ላኩ፤ ከጽሑፍ ይሻላል። ድምፁን እስከ ዛሬ አላጠፋችውም።

ወሎዬው

ስለ ምርቃቱ እኔ ልግባበት። እኛ ጋ ደሴ አንድ ቤት ውስጥ አጎት ሙስሊም፣ እህት ክርስቲያን አለ። ቡና ላይ ዱዓም ምርቃትም ይደረጋል፣ ሁሉም "አሚን፣ አሜን" ይላል። ስለዚህ አትጨናነቂ። "ፈጣሪ" ካልሽ ሁለታችሁንም ይይዛል። "አላህ ያግዝሽ" ብትያትም ከአፍሽ ከወጣ ደስ ይላታል። ግን በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ብለሽው ካላወቅሽ ቅዳሜ አትጀምሪው፤ ለእንግዳ የተደረገ ይመስላል። "እግዜር ያክብርሽ" ስትያት ኖረሽ ከሆነም እሱኑ በያት። እሷ የለመደችው ያንቺን አፍ ነው።

"የአብርሃም የሣራ ቤት ያድርግላችሁ" የሚለውን ግን ለቤተ ክርስቲያን ሠርግ ተዪው። "መብሩክ" በቂ ነው። "ውለዱ ክበዱ"ንም ለአሮጊቶቹ ተዪላቸው። ስለ ልጅ ሰው ልብ ውስጥ ያለው አይታወቅም።

ጠባችሁን በተመለከተ ደግሞ ትልቅ ቃል አለን። "አፉ በይኝ።" ሐጅ የሚሄድ ሰው ጎረቤት እየዞረ የሚለው ነው። ምን እንዳጠፋሽ አትዘረዝሪም፣ እሷም አትጠይቅሽም። "አፉ ብዬሻለሁ" ትልሻለች፤ አለቀ። ያንቺ ወንድም ስም ሰው ፊት አይነሳም።

ቁም ነገር

እሺ፣ በ"ነበርሽ" ተረትቻለሁ። ግን መርዶ የሙሽራ ሽኝት ላይ ይነሳል? ሰው ለመሳቅ መጥቶ ሊያለቅስ ነው። ሙሽራ ፊት ሞት አይነሳም፤ ያደግንበት ነው። ለብቻዋ ንገሪያት።

እትዬ ብርጭቆ

ወሎዬው ደህና ብሏል። ግን አንድ ነገር ዘለለ። ሐጅ የሚሄደው ሰው አፉ በሉኝ ከማለቱ በፊት ዕዳውን ይከፍላል። የጀሞዋ፣ በመካከላችሁ ገንዘብ አለ? ካለ ይሄ ሁሉ ያማረ ቃል ዋጋ የለውም። አንዷ በልቧ ሒሳብ እየደመረች ሌላዋ ስትናገር አይቻለሁ። ፊት ላይ ይታያል።

የጀሞዋ

እትዬ፣ እርስዎ ሰው አይደሉም።

ፍሪጁን በጋራ ነው የገዛነው። ከአራት ዓመት በፊት 18,000 ብር፤ ዘጠኝ ዘጠኝ አዋጥተን። እሷ "ይቅርልሽ፣ እኔ ኮምቦልቻ አለኝ" ብላለች። እኔ "እከፍልሻለሁ" ብያለሁ። ከዚያ ማንም አላነሳውም።

ኪራይ ሰለቸኝ

9,000 ስጫትና ጨርሺ። የገዛችሁበት ግማሽ ነው፤ ሒሳቡ ግልጽ ነው።

እትዬ ብርጭቆ

አይ ልጄ። ያ የዛሬ አራት ዓመት ብር ነው። ዛሬ አሮጌው ፍሪጅ ራሱ ስንት እንደሚያወጣ ፍሪጅ የሚጠግን ሰው ጠይቂ፤ ግማሹን ነው የምትከፍይው። ከሌለሽ ያለሽን ስጪና የቀረውን ቀን ቁረጪ። ቀኑን ራስሽ ቁረጪ፣ እሷ እንዳትጠይቅሽ።

ደግሞ ቅዳሜ አይሁን። ሐሙስ ስጫት፣ ወጥ ቤት ቆማችሁ፣ ለብቻችሁ። ሰው ፊት ፖስታ ከሰጠሽ ስጦታ ይመስላል፣ እሷ ትሽኮረመማለች፣ እህቷ ስንት እንደሆነ ትጠይቃለች። ይቅርልሽ ካለች ሁለቴ አስገድጃት። ሦስተኛ ጊዜ እንቢ ካለች ተዪው፤ የእውነቷን ነው።

የጀሞዋ

ዛሬ ጠየቅኩ። "በዚህ ይዞታው 22,000 ያወጣል" አለኝ። ግማሹ 11,000። ያለኝ 6,000 ነው። ቀሪውን ደመወዝ ስቀበል እልካለሁ እላታለሁ።

አንድ የረሳሁት ደግሞ አለ። ቤታችን ውስጥ የሥጋ ድስት ሁለት ነው። ሰማያዊው የእኔ፣ ቀዩ የእሷ፤ ሥጋ አንካፈልም። የሽሮ ድስቱ ግን አንድ ነው፣ የጋራ፣ ሸክላ። በጾሜ ቀንም፣ በረመዳን ማፍጠሪያም፣ ወር መጨረሻ ላይ ብር ሲያልቅም እሱ ነው የሚጣደው። ጫፉ ትንሽ ተሸርፏል። ስታሸግ ዕቃዎቹን ስትከፋፍል እሱን ምድጃው ላይ ትታዋለች፣ አላነሳችውም፣ አልጠየቀችኝም። የቅዳሜውንም ራት ሽሮ ላደርገው አስቤያለሁ። ሁሉም ይበላዋል። ልስጣት ድስቱን?

ወሎዬው

ሸክላ በአይሱዙ እስከ ኮምቦልቻ? ጣርማ በር ሳይደርስ ይሰበራል።

እትዬ ብርጭቆ

አትስጫት። አልሰጥሽም በያት። ሰው ፊት በያት።

የጀሞዋ

ሐሙስ ማታ፦ ሰጠኋት። ሁለቴ እንቢ አለች፣ ሦስተኛው ላይ ተቀበለች። "ቀሪውን ግን ለሽሮ ዱቄት አድርጊው" አለችኝ። እትዬ እንዳሉት ልተወው ወይስ ልላክ፣ እሱን ገና አልወሰንኩም።

ይሄውና አዲሱ፣ ከዚህ ሁሉ ምክር በኋላ፦

"እኔንና እሷን ያገናኘን ደላላ ነው። የኮሚሽኑን እኩል ከፍለን፣ ስማችንን እንኳን በደንብ ሳንያያዝ ገባን። አባቴ ያረፈ ማታ በግድ ራት አበላሽኝ። ለምን እንደሆነ የገባኝ በማግስቱ ነው። እስከ ዛሬ አላመሰገንኩሽም፤ ዛሬ አመሰግናለሁ። አብሮ የኖረ ሰው ሳይበዳደል አይቀርም፤ ያስቀየምኩሽን አፉ በይኝ። ቤትሽ ሰው የሚገባበት ቤት ይሁን። ፈጣሪ ከባልሽ ጋር አብሮ ያስረጃችሁ። ሽሮ ድስቱን ግን አልሰጥሽም። ስትመጪ እዚሁ ትበያለሽ።"

ቁም ነገር

አምሯል። "አባቴ ያረፈ ማታ" የሚለው ላይ ግን አሁንም አቋሜን አልቀየርኩም።

እትዬ ብርጭቆ

እኔ አስቀምጪው ባይ ነኝ። መርዶውን አልተረክሽም፣ ራቱን ነው ያነሳሽው። እሷ ታውቃለች፤ ሌላው ባይገባው ምን ቸገረው። ብቻ በቃልሽ ያዢው። ወረቀት ይዘሽ እንዳትቆሚ፣ የዕድር ስብሰባ ይመስላል። ከረሳሽም የቀረው ይቅር፤ "አፉ በይኝ" ብቻ እንዳይቀር።

የዴይራዋ

"ስትመጪ እዚሁ ትበያለሽ።" ይሄን ነበር ማለት የነበረብኝ። ሻንጣ ምናምን ከምል።

የጀሞዋ

ሰኞ ነው። ሥራ ቦታ ተደብቄ ነው የምጽፈው።

ቶናው ሲቀዳ ተነሳሁ። ደላላው ላይ ሰው ሳቀ፣ ጥሩ ነበር። "በግድ ራት አበላሽኝ" ስል ድምፄ ተቆረጠ። ቆምኩ። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ቁም ነገር የፈራው ሊመጣ ነው ብዬ ነበር። እሷ ቁጭ ባለችበት "እኔኮ ያን ቀን ሁለት ራት በልቼ ሌሊቱን ሙሉ ሆዴን ቆርጦኛል፤ ቢምቢ ያልኩሽ እንቅልፍ አጥቼ ስገላበጥ እንዳትጠረጥሪኝ ነው" አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ እየሳቅኩም እያለቀስኩም ነበር። የተረፈውን ረሳሁት። "አፉ በይኝ" አልኳት፣ ተነስታ አቀፈችኝ፣ ጆሮዬ ሥር "ወንድምሽ ግን በጣም ያንኮራፋል" አለችኝ። በረካው ላይ እህቷ መረቀች፤ ሁላችንም፣ አንዳንዱ አሚን፣ አንዳንዱ አሜን።

የሽሮ ድስቱን ነገር ሳልናገር ቀረሁ። ማታ ዕቃ ሳጥብ ግን ራሷ አንስታ፣ አድርቃ ቁም ሳጥኑ ላይ መለሰችው።

እሁድ ጠዋት እትዬ እንዳሉት ሆነ። ጫኝና አውራጅ ሦስት ሰዓት ላይ መጥተው እስከ አራት ተኩል ተጨቃጨቅን። ከሾፌሩ ጎን ስትቀመጥ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ጠራችኝ። የሆነ ነገር ልትለኝ ነው ብዬ ሮጥኩ። "ውሃ ማክሰኞ ሌሊት ነው የሚመጣው። በርሜሉን እንዳትረሺ" አለችኝ። አምስት ዓመት ሙሉ የምትሞላው እሷ ነበረች፤ ሌሊት እንደሚመጣ እንኳን አላውቅም ነበር።

ወሎዬው

ኮምቦልቻ በሰላም ገባች?

የጀሞዋ

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ደወለች። መስታወቱ ተሰብሯል። ሌላው ደህና ነው።

ኪራይ ሰለቸኝ

ጊዜው አይደለም ይቅርታ፣ ግን ክፍሉ ተይዟል?

የጀሞዋ

ለሴት ብቻ ነው። ማክሰኞ ሌሊት መነሳት የምትችል።